ወረፋችን ቀበሌ ይሁንልን

ቀን፦ 16/11/2017 ዓ.ም.

ለሚመለከተው ክፍል
ደሴ

ጉዳዩ፦ ወረፋችን በቀበሌነት እንዲታወቅልን ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርነው፣ እኛ አመልካቾች የነዋሪነት መታወቂያ ለማሳደስ ወረፋ የያዝን የከተማችን ነዋሪዎች ነን። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሲዘጋ የእኛ ጉዳይ ስላልተዘጋ፣ ከነጃንጥላችን ወደ ሐምሌ 1 ተሻግረናል።

አዋሳኞቻችን የሚከተሉት ናቸው። በሰሜን መስኮት 1፣ በምሥራቅ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በምዕራብ መጸዳጃ ቤቱ (ቁልፉ የት እንዳለ ስለማይታወቅ ድንበሩ ገና አልተካለለም)፣ በደቡብ ደግሞ ጭጋግ። ጭጋጉ ከጦሳ እየወረደ የወረፋውን ጭራ ስለሚውጠው የመጨረሻው ሰው የት እንደቆመ ማስረዳት አንችልም። ሸዋበር ደርሷል የሚሉ አሉ።

የሕዝባችን ብዛት በሰውና በድንጋይ ተከፍሎ ይቆጠራል። አንዱ ለሰላት፣ አንዱ ለቅዳሴ፣ አንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ሲሄድ በቦታው ድንጋይ ያስቀምጣል፤ አንዳችን የሌላውን ድንጋይ እንጠብቃለን። ድንጋይ ብርድ ስለማይመታው ከሰው ይልቅ ይጸናል። ባለፈው ሳምንት አንደኛው ድንጋይ ባለቤቱ ሳይመለስ መስኮት 1 ደርሶ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አላቀረብክም ተብሎ ተመልሷል።

ለቀበሌነት የሚያበቃን ነገር አለ ወይ ለሚለው፣ እቁብ አለን፣ እድር አለን። ቡናችን በአቦል ይጀምራል፤ በረካው ሲጠጣ አንድ እርምጃ ተራምደን ከሆነ ያ ቀን መልካም ቀን ነው። በሐረጎ ዳገት በስስ ሸሚዝ የሚመጣው የኮምቦልቻ እንግዳም ጋቢ ሳይደረብለት አያድርም። ማስረጃው ኮምቦልቻ ቢሆንም ዋናው መዝገብ ደሴ ነው ተብሎ፣ ዋናው መዝገብ ደሴ ቢሆንም ማስረጃው ኮምቦልቻ ነው ተብሎ ስለሚመላለስ፣ ነዋሪነቱን ለሚኒባሱ ለመስጠት እያሰብን ነው።

ይህ ማመልከቻ በሠራተኞች ላይ የቀረበ አቤቱታ አለመሆኑ ይታወቅልን። የመስኮት 2 ሠራተኛ የራሷም መታወቂያ ጊዜው ስላለፈበት በምሳ ሰዓት ከኋላችን ትሰለፋለች። ተራዋ ሲደርስ መስኮት 2 ላይ ሰው የለም፤ ወረፋ ላይ ናታ!

አሠራሩም ግልጽ ነው። መስኮት 1 የመስኮት 3ን ደብዳቤ ይጠይቃል። መስኮት 3 ደብዳቤውን የሚጽፈው የታደሰ መታወቂያ ላቀረበ ነው። የታደሰ መታወቂያ የሚሰጠው መስኮት 1 ነው። በመካከል መስኮት 2 ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን በማኅተም ያረጋግጣል። ማስረጃ ከተጻፈ 3 ወር ካለፈው አይሠራም፤ ወረፋው ደግሞ ማስረጃ ማስረጀት ይችልበታል።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር «አገልግሎቱ የሚወስደው ጊዜ 15 ደቂቃ» ይላል። እውነት ነው፣ አንክድም። መስኮቱ ላይ የደረሰ ሰው በ15 ደቂቃ ይመለሳል። ቻርተሩ እስከ መስኮቱ ያለውን አላነሳም፤ እኛ የምንኖረው ደግሞ እዚያ ነው። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ስናነብም የተስተናገደው ባለጉዳይ ቁጥር ከዕቅድ በላይ መሆኑን አይተን ኮርተናል። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ሲመለስ ሦስት ሰው ተስተናገደ ተብሎ ስለሚመዘገብ፣ ለአፈጻጸሙ ማደግ ያደረግነው አስተዋጽኦ በምስክር ወረቀት እንዲታሰብልን በዚሁ አጋጣሚ እንጠይቃለን።

ለውጥ አልተሞከረም ለማለትም አይደለም። ቢፒአር ሲመጣ መስኮቶቹ ቁጥር አገኙ፣ ቢኤስሲ ሲመጣ ነጥብ አገኙ፣ ካይዘን ሲመጣ ወንበሮቹ ተስተካክለው ተደረደሩ። ቀጥሎ ኮምፒውተር ገባ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ ሲኖር መብራት የለም፤ ሁለቱም በተገናኙበት ዕለት ደግሞ ስብሰባ ነበር። የስብሰባው አጀንዳ «ወረፋን ስለማሳጠር» እንደነበር በሩ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ተረድተናል። የአስተያየት መስጫ ሳጥኑም በቦታው አለ፤ መክፈቻው ከመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ጋር ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ወረፋችን በቀበሌነት ታውቆ የራሳችን ማኅተም እንዲሰጠንና መታወቂያችንን እኛው ለእኛው እንድናድስ እንዲፈቀድልን በትሕትና እናመለክታለን። ፈቃዱ እስኪደርስ ሥራ ላለመፍታት ከፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ በላሜራ አንድ መስኮት ሠርተናል። ተመዝጋቢው ብዙ ስለሆነ ለጊዜው ጠዋት ጠዋት ቁጥር እያደልን ነው፤ ለነገ ያለው አልቋል።

ከሰላምታ ጋር
የወረፋው ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለመስኮት 1
ለመስኮት 3 (መስኮት 1 ተቀብያለሁ ሲል)
ለመዝገብ ቤት፣ ሁለት ቅጂ፤ አንዱ የሚጠፋው ነው