በረመዳን ወር የሥራ ሰዓቴ እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ

ወይዘሮ ሰናይት፣ እንደምን ሰነበቱ?

ይህን ጉዳይ ቢሮዎ ገብቼ በቃል ላነሳልዎት አስቤ ነበር። ግን ቀንና ሰዓት የበዛበት ነገር ስለሆነ፣ ጊዜ ወስደው እንዲያዩት በጽሑፍ ይሻላል አልኩ።

የዘንድሮው ረመዳን የካቲት 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ሰኞ ወይም በማግስቱ ይገባል። የሚለየው ጨረቃዋ ስትታይ ነው፤ እርግጡን ያወቅን ዕለት ማታውኑ እነግርዎታለሁ። ጾሙ 29 ወይም 30 ቀን ነው። ለዚህ አንድ ወር ብቻ የሥራ ሰዓቴ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 10፡00 ሰዓት እንዲሆንልኝ እጠይቃለሁ።

የሥራ ሰዓት አይቀነስም። አሁን ከ2፡30 እስከ 11፡30 እሠራለሁ፣ በመሃል አንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት አለኝ። በጾም ምሳ ስለሌለ፣ ከዚያ ሰዓት ላይ ለዙህር ሶላት ግማሽ ሰዓት ብቻ እወስዳለሁ። ስንደምረው ያው ስምንት ሰዓት ነው። ዓርብ ግን ጁምዓ መስጊድ ስለምሰግድ ሙሉ አንድ ሰዓት ያስፈልገኛል። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ የምወጣው 10፡30 ላይ ይሆናል።

ምክንያቴን በግልጽ ልንገርዎት። ለሰሁር የምነሳው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃም አይቀመስም። ጠዋት ላይ ምንም አይሰማኝም፤ እንዲያውም በጾም ጠዋት ጭንቅላቴ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ጥርት ይላል። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ዓይኔ ይፈዛል። አምና በረመዳን አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ የአንዱን ደንበኛ ክፍያ በሌላው ስም መዝግቤ ነበር። በማግስቱ አግኝቼ አስተካከልኩት፣ ለእርስዎም ያኔውኑ ነግሬዎታለሁ። እስከ ዛሬ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ያሳፍረኛል። ሥራዬን ነቅቼ ባለሁበት ሰዓት ብሠራው ለመሥሪያ ቤቱም ይሻላል።

ሌላው የመንገዱ ነገር ነው። 11፡30 ወጥቼ ቤት ስደርስ አንድ ሰዓት ይሆናል። አምና ብዙውን ቀን ያፈጠርኩት መኪና ውስጥ ቆሜ፣ በአንድ ፍሬ ተምርና በውሃ ነው። ልጆቼ አዛን ሲሰሙ ማዕዱን ከበው እኔን ይጠብቁ ነበር። ትንሿ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ቀን ልትጾም ነው። ኢፍጣር ላይ አጠገቧ ብሆን ደስ ይለኛል።

ከ10፡00 እስከ 11፡30 ያለው ክፍተት እንደሚያሳስብዎት አውቃለሁ፤ የደንበኞች ስልክ የሚበዛው ያኔ ነው። ይህን ከትዕግሥት ጋር ተነጋግረንበታል። በዚያ ሰዓት የእኔንም ስልክ እሷ ታነሳለች። እኔ በምላሹ በምሳ ሰዓት ሌላው ሰው ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ እቆያለሁ፣ ሶላቴን ትዕግሥት ስትመለስ እሰግዳለሁ። እስከ ዛሬ በዚያ ሰዓት የሚደውል ደንበኛ መልስ አያገኝም ነበር፣ አሁን ያገኛል። የዓቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 29 ይገባል። ያኔ እሷ ቅዳሴ የምትሄድባቸውን ቀናት እኔ እሸፍንላታለሁ። ይህን ያልኳት እኔ ነኝ፣ እሷ አልጠየቀችኝም።

የወሩ መዝጊያ ሪፖርት የሚደርሰው በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ነው። እነዚያን ሌሊቶች በሶላት ስለማሳልፍ እንቅልፌ ያጥራል። ስለዚህ ሪፖርቱን በተለመደው በ28 ሳይሆን በ26 አስረክባለሁ። ከሌሎች ክፍሎች የምጠብቃቸውን ሰነዶች እስከ 22 እንዲልኩልኝ እርስዎ ቢያሳስቡልኝ ይበቃል። የሰኞ ከሰዓት ስብሰባችንንም ለዚህ ወር ወደ ጠዋት ቢያዞሩልን፣ እኔ ብቻ ሳልሆን በክፍላችን ያሉት ሌሎች ሁለት ጿሚዎችም ይጠቀማሉ። ካልተመቸዎት ግን ይቅር፣ እንደምንም እገኛለሁ።

አስቸኳይ ነገር በሚመጣበት ቀን 10፡00 ሆነ ብዬ ጥዬ አልሄድም። የመጀመሪያውን ሳምንት እንሞክረውና ሥራ የጎደለ ከመሰለዎት ይንገሩኝ፤ ሌላ አማራጭ አብረን እንፈልጋለን። ሙሉው ካልሆነ፣ ቢያንስ 10፡30 ላይ ብወጣ ለማፍጠሪያው ቤቴ እደርሳለሁ።

ትዕግሥት ፕሮግራሟን ቀድማ እንድታስተካክል፣ እስከ ጥር 24 መልስዎን ባገኝ ጥሩ ነበር። ለሰው ኃይል ክፍል የሚሞላ ፎርም ካለም ዛሬውኑ ሞልቼ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ሐያት
የደንበኞች ሒሳብ ክፍል
ጥር 17 ቀን 2019 ዓ.ም.