በበጎ ፈቃደኞች የሚመራው የማኅበረሰብ ጤና ፕሮግራም የአንድ ዓመት አፈጻጸም ግምገማ

ይህ ግምገማ የፕሮግራሙ አስተባባሪዎች፣ በጎ ፈቃደኞቹና የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ሥራው ሲጀመር በተስማሙባቸው 5 አመላካቾች ላይ የተመሠረተ ነው። እያንዳንዱ አመላካች 20 ነጥብ ይይዛል፤ ግቡን የመታ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፣ ያልመታ ደግሞ ከግቡ በደረሰበት መጠን ይሰጠዋል። ድምሩ ከ100 87.6 ሆኗል።

በቤት ለቤት ጉብኝት ከ600 አባወራዎች 552ቱ (92 በመቶ) በየሩብ ዓመቱ ተጎብኝተዋል፤ ግቡ 90 በመቶ ስለነበር 20 ነጥብ ተሰጥቷል። የመጀመሪያውን የፔንታቫለንት ክትባት ከወሰዱ 150 ሕፃናት ሦስተኛውን ሳይወስዱ የቀሩት 12 ብቻ ናቸው፤ የማቋረጥ መጠኑ 8 በመቶ በመሆኑና ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ስምምነት ስለነበረ ይህም 20 ነጥብ አግኝቷል። ከሠለጠኑት 30 በጎ ፈቃደኞች 24ቱ (80 በመቶ) በሥራ ላይ ናቸው፤ ግቡ 85 በመቶ ስለነበር 18.8 ነጥብ።

በክንድ ዙሪያ ልኬት ትክክለኛነት ላይ ገምጋሚዎቹ 40 ሕፃናትን እንደገና ለክተው፣ የ32ቱ (80 በመቶ) ልኬት ከተመዘገበው ጋር በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ተገናኝቷል፤ ግቡ 90 በመቶ በመሆኑ 17.8 ነጥብ ተይዟል። ስሕተቱ በአብዛኛው የመጣው በትከሻና በክርን መካከል ያለውን አጋማሽ ሳያገኙ በግምት ከመለካት ነው። ከባድ የምግብ እጥረትን የሚለየው ወሰን 11.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሕፃኑን ከሕክምና ውጭ ሊያስቀር ይችላል።

ዝቅተኛው ውጤት የሪፈር አመላካች ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ከተላኩት 75 ሰዎች የመልስ ወረቀታቸው የተመለሰው የ33ቱ (44 በመቶ) ብቻ ሲሆን፣ ግቡ 80 በመቶ ስለነበር 11 ነጥብ ተሰጥቷል። ቀሪዎቹን 42 ሰዎች በየቤታቸው ስንጠይቅ 19ኙ በእርግጥ ታክመው ነበር፤ ወረቀቱ ግን በጤና ጣቢያው ቀርቷል። እነርሱን ብንደምር እንኳ ቁጥሩ 52 ብቻ ስለሚሆን ግቡ አይመታም፤ የተስማማንበት ትርጉምም የተመለሰ ወረቀትን የሚጠይቅ በመሆኑ ነጥቡን አላስተካከልንም። 23ቱ ጭራሽ አልሄዱም። ከእነዚህም 14ቱ ሌሎች ልጆቻቸውን የሚጠብቅላቸው ሰው እንዳጡ፣ 9ኙ ደግሞ ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን ማንም እንዳልነገራቸው ገልጸዋል። ከ23ቱ 6ቱ የክንዳቸው ልኬት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃናት መሆናቸውን ስናውቅ የነጥብ አሰጣጡን አቋርጠን በዚያው ቀን ከጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ጋር እንዲገናኙ አድርገናል።

ስለዚህ 87.6 የሚለው ድምር ፕሮግራሙ ቤተሰቦችን በመድረስ ያሳየውን ብርታት በትክክል ቢያሳይም፣ የተገኙት ሕሙማን መታከማቸውን እንደማረጋገጫ ሊወሰድ አይገባም። በጎ ፈቃደኞቹ የላኩትን ሰው በ3 ቀን ውስጥ ቤቱ ሄደው እንዲጠይቁ፣ የክንዱ ልኬት ከወሰኑ በታች የሆነን ሕፃን ግን በዕለቱ ራሳቸው አብረው እንዲያደርሱ፣ ጤና ጣቢያውም የመልስ ወረቀቶችን በየሳምንቱ የሚያስረክብ አንድ ባለሙያ እንዲመድብ እንጠይቃለን። የልኬት ሥልጠናው በአንድ ወር ውስጥ ይደገማል፤ የሪፈር አመላካቹም ከ3 ወር በኋላ በዚሁ ትርጉም ዳግም ይመዘናል።