ማተቡ ይቆያል

«እኔ በቁሜ መቃብር አልገባም!»

እማማ ብርቄ ይህን ያሉት የኤምአርአይ ክፍሉ በር ላይ ቆመው ነው። ልጃቸው ታዬ ከደብረ ብርሃን ይዟቸው የተነሳው ገና ሳይነጋ ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያዞራቸዋል፤ ሁለቴም ወድቀዋል። ሐኪሙ የጭንቅላት ኤምአርአይ አዘዘ።

«ምንም የለውም እኮ እማዬ! ገብቶ መውጣት ነው» አለ ታዬ፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

«ምንም ከሌለው አንተ ግባ።»

ራዲዮግራፈሩ ሙሉቀን ሳቁን ዋጠ። ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ቢሆንም ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እማማ፣ ምኑ ነው ያስፈራዎት?»

«ጎረቤቴ እንዲህ ያለ ውስጥ ገብታ ሳምንት አልቆየች። ጨረሩ ነው የጨረሳት።»

«ነፍስ ይማር። ይሄኛው ግን ጨረር የለውም። ጨረር ያለው ራጁና ሲቲ ስካኑ ነው። ይሄ የሚሠራው በማግኔት ነው።»

«ጠባብ ነው ይላሉ።»

ታዬ «ኧረ ሰፊ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ሙሉቀን ቀደመው።

«አዎ፣ ጠባብ ነው። ፊትዎ ላይም ክፍት ክፍት ያለው ክዳን እገጥማለሁ። መስታወት አለው፤ በሱ እግርዎን ያያሉ። ማሽኑ በሁለቱም በኩል ክፍት ነው፤ መብራት አለው፣ አየርም ይገባል። ደግሞ ይጮኻል። ወፍጮ ቤት ያውቁ የለ?»

«ዕድሜዬን!»

«እንደሱ ነው። ያንኳኳል፣ ዝም ይላል፣ ድምፁን ቀይሮ እንደገና ይነሳል። ሲጮህ እየሠራ ነው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። ጆሮዎን እደፍንልዎታለሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል።»

እማማ ብርቄ ልጃቸውን በጎን አዩት። እሱ አምስት ደቂቃ ነበር ያላቸው።

ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። ልብዎ ላይ ባትሪ ተገጥሞልዎታል? ቀዶ ጥገና ተደርጎልዎት ያውቃል? ሰውነትዎ ውስጥ ብረት ወይም ጥይት አለ? ሁሉንም «የለም» አሉ። ቀሚሳቸው ላይ ግን ሁለት መርፌ ቁልፍ ተገኘ፤ መቀነታቸው ውስጥ ደግሞ ሳንቲምና የቤት ቁልፍ። ሁሉም ለታዬ ተሰጠ። አንገታቸው ላይ የብር መስቀል ቀረ።

«ይሄንንስ አልፈታም። ያለ ማተቤ አልገባም።»

«ማተቡ ክር ነው፤ ይቆያል። የሚወጣው መስቀሉ ብቻ ነው። ብር ብቻ ከሆነ ማግኔቱ አይስበውም፤ ከምን ጋር እንደቀለጠ ግን እኔም እርስዎም አናውቅም። ደግሞ ምስሉን ያበላሽብኛል።»

ትንሽ አሰቡ። መስቀሉን ከክሩ ራሳቸው አውጥተው፣ ተሳልመው፣ ለልጃቸው ሰጡ። «ኪስህ ውስጥ እንዳትከተው። በእጅህ ያዘው።»

አልጋው ላይ ሲተኙ ሙሉቀን ትንሽ የጎማ ፊኛ አስጨበጣቸው። «ከከበደዎት ይጨምቁት። እኔ ያን ጊዜ አቁሜ እመጣለሁ። እስቲ ይሞክሩት።»

ጨመቁ። በመስኮቱ ማዶ ደወሉ ጮኸ። ደግመው ጨመቁ። እንደገና ጮኸ።

«አሁን ክተተኝ» አሉ።

ሁለቱ ዙር በሰላም አለፈ። በየመሀሉ ሙሉቀን በማይኩ ያናግራቸዋል፤ «ቀጣዩ አራት ደቂቃ ነው፣ እንዳይነቃነቁ»። ሦስተኛው ላይ ደወሉ ጮኸ። ወዲያው አቁሞ ገባ፤ አልጋውንም ሳበው።

«ምን ሆኑ እማማ?»

«አለህ?»

«አለሁ።»

«በቃ። ሂድ ሥራህን ሥራ።»

«ይቺን አራት ደቂቃ ግን ከመጀመሪያው እንደግማታለን።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ድገማት።»

ተደገመች። የቀረውንም ሳይነቃነቁ ጨረሱት። ሲወጡ ወዲያው አልተነሱም፤ እንዳያዞራቸው አልጋው ላይ አስቀምጦ አቆያቸው። መስቀሉን ከታዬ እጅ ተቀብለው ክሩ ላይ ሲመልሱ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁ።

«ምን አየህ?»

«ምስሉ ጥርት ብሎ ወጥቷል። የሚያነበው ግን ራዲዮሎጂስቱ ነው። እኔ ብናገር ካልተማርኩት ገባሁ ማለት ነው።»

«አይተሃል ግን።»

«አይቻለሁ። አነሳሁት እንጂ አላነበብኩትም።»

ፊቱን ትክ ብለው አዩት። ታዬም አየው።

«አይነበብም ፊትህ» አሉ እማማ ብርቄ።

«ለሁሉም ሰው እንዲሁ ነው እማማ። ውጤቱ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል። ሐኪምዎ ቁጭ ብሎ ያስረዳዎታል።»

«ዘጠኝ ሰዓት?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ጠባብ ነው አልከኝ፣ ጠባብ ነበር። ይጮኻል አልከኝ፣ ጮኸ። እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት ካልክ ዘጠኝ ሰዓት ነው።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቁልፌንና ሳንቲሜን አምጣ። ቆጥሬ ነው የሰጠሁህ።»