ከላገር ሌላ ቀምሶ ለማያውቅ ጓደኛዬ፦ ስለ ስንዴ ቢራ፣ ፔል ኤል፣ ፖርተርና ስታውት

ባለፈው አራት ሆነን ቁጭ ብለን ሜኑው ላይ ሃያ ዓይነት ቢራ ተደርድሮ አንተ ገጹን እንኳን ሳትገልጥ "ላገር፣ በጣም የቀዘቀዘ" ብለህ ዘጋኸው። የኔ ስታውት ሲመጣ ደግሞ "ይሄን የተቃጠለ ዘይት ልትጠጣው ነው?" አልክ፣ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። እና ይሄን ጻፍኩልህ። ላገርህን ላስጥልህ አይደለም፣ ፀሐይ ሲያቃጥል ከላገር የሚበልጥ ነገር የለም ባይ ነኝ እኔም፣ ግን ሌላውን በቀለሙ አይተህ መፍረድህ ነው ያናደደኝ።

የቢራ ዓለም በትልቁ ለሁለት ሲከፈል በቀለም አይደለም የሚከፈለው፣ በእርሾ ነው። የላገር እርሾ ብርድ ይወዳል፣ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ከዛ ቢራው ለሳምንታት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ተኝቶ ይጠራል፣ ላገር የሚለው ስም ራሱ የመጣው ማከማቸት ከሚል የጀርመንኛ ቃል ነው። ለዛ ነው ላገር ጥርት ያለ የሚሆነው፣ እርሾው የራሱን ጣዕም ብዙም አይተውበትም። የኤል እርሾ ግን ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ላይ ቶሎ ቶሎ ይሠራና የፍራፍሬ የቅመም ምናምን ሽታ ትቶ ያልፋል። ከታች የማወራልህ አራቱም የኤል ወገን ናቸው (አንድ አስቂኝ ነገር ፖርተር ጋ አለ፣ ስንደርስ)። ደግሞ አንተ "ቢራ ማለት ይሄ ነው" የምትለው ወርቃማው ላገር እ.ኤ.አ. በ1842 ነው ፕልዘን ከተማ ጆሴፍ ግሮል የሚባል ጠማቂ የሠራው። ፖርተር ያኔ መቶ ዓመት አልፎት ነበር፣ ማን ማንን ዘይት እንደሚለው እንግዲህ እይ።

አሁን ስለ ቀለም። ጥቁር ቢራ ጥቁር የሆነው ጥቂት በደንብ የተቆላ ገብስ ስለገባበት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው እህል አስር በመቶ እንኳን አይሞላም፣ አለቀ። ቀለም ስለ አልኮሉ ምንም አይነግርህም። የጊነስ ድራፍት አልኮል 4.2 በመቶ አካባቢ ነው፣ ብዙው ላገር ደግሞ 5 አካባቢ፣ ስለዚህ ያን ቀን ከኔ ይልቅ አንተ ነበርክ ጠንከር ያለውን የምትጠጣው። በተቃራኒው የቤልጂየሞቹ ትሪፕል የሚባለው እንደ ላገር ወርቃማ ሆኖ 8 እና 9 በመቶ ይደርሳል፣ ቀለሙን አምኖ እንደ ላገር የጋተው ሰው ሲነሳ ነው የሚገባው። ጀርመኖችም ሽቫርትስቢር የሚሉት አላቸው፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር ግን ላገር፣ ሲጠጡት ቀለል ያለ። ጥቁር በጣም የሚያስፈራህ ከሆነ በሱ መለማመድም ይቻላል።

አንድ ነገር ብቻ እሺ በለኝ፣ እነዚህን ቢራዎች እንደ በረዶ አቀዝቅዘህ አትጠጣ። ብርድ ምላስ ያደነዝዛል፣ ላገር ላይ ችግር የለውም እንደውም ጥሩ ነው፣ ስታውት ላይ ግን ምሬቱ ብቻ ይቀርልህና ቸኮሌቱም ቡናውም ይጠፋብሃል። የስንዴ ቢራ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ፣ ፔል ኤል ትንሽ ከዛ ከፍ፣ ፖርተርና ስታውት ከ8 እስከ 13 ቢሆኑ ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር ያዝ አላልኩም፣ ከፍሪጅ አውጥተህ ሩብ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ተወው በቃ። ከጠርሙስም አትጠጣ፣ ብርጭቆ ውስጥ ካልገባ አይሸትም፣ ካልሸተተህ ደግሞ ግማሹ ጣዕም ቀረ።

ጅምርህ የስንዴ ቢራ ይሁን። ለላገር ጠጪ ቅርቡ እሱ ነው፣ ምሬቱ ትንሽ፣ ቀለሙ ብርሃን፣ አረፋው ብዙ። የባቫሪያው ሄፈቫይሰን ሲቀርብልህ ሁለት ነገር ያስደነግጥሃል። አንደኛ ድፍርስ ነው፣ "ተበላሽቷል" ብለህ እንዳትመልስ፣ ሄፈ ማለት እርሾ ማለት ነው፣ እርሾው ሳይጣራ ሆን ተብሎ ነው የተተወው። ሁለተኛ ሙዝ ሙዝ ይሸታል፣ ከኋላ ደግሞ ቅርንፉድ። ሙዝም ቅርንፉድም አልገባበትም! እርሾው ሲሠራ ራሱ የሚፈጥረው ነገር ነው፣ ሙዝ ውስጥ ያለው ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገር ነው እዚህም የሚወጣው። እኔ መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን ሽሮፕ የጨመሩበት መስሎኝ አስተናጋጁን ተከራክሬዋለሁ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ከእህሉ ቢያንስ ግማሹ ስንዴ ነው፣ አረፋው እንደዛ የሚወፍረው ከስንዴው ፕሮቲን ነው። ስትቀዳ ብርጭቆውን አጋድለህ ቀስ አድርገህ ቅዳና ታች ጥቂት ሲቀር ጠርሙሱን አዙረህ አዙረህ አተላውን አንሳውና ከላይ ጨምረው፣ ጣዕሙ እዛ ነው ያለው። የሎሚ ቁራጭ ጠርዙ ላይ የሚሰኩ አሉ፣ አረፋውን ይገድለዋል፣ እኔ አውጥቼ ነው የማስቀምጠው፣ ከወደድከው ግን የራስህ ጉዳይ።

የሚገርመው የ1516ቱ የባቫሪያ የቢራ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ምሬትና ሽታ ከሚሰጠው ከሆፕስ አበባና ከውሃ ብቻ ይሠራ ነበር የሚለው፣ ስንዴ የለበትም። በኋላ ግን መሳፍንቱ የስንዴ ቢራ የመጥመቅ መብት ለራሳቸው ይዘው ገንዘብ ሰርተውበታል፣ ሕጉን ያወጣው ቤተሰብ ማለት ነው። ሌላው ዓይነት የቤልጂየሙ ቪት ነው፣ ነጣ ያለ፣ ድምብላልና የብርቱካን ልጣጭ ይገባበታል፣ እዚህኛው ላይ ቅመሙ እውነተኛ ነው። ሆኻርደን በሚባለው መንደር የመጨረሻው ጠማቂ በ1950ዎቹ ዘግቶ ቢራው ጠፍቶ ነበር፣ ከዛ ፒየር ሴሊስ የሚባል በፊት ወተት ያከፋፍል የነበረ ሰው በ1966 እንደገና መጥመቅ ጀመረ፣ ዛሬ ዓለም ላይ የምታገኘው ቪት ሁሉ ማለት ይቻላል የሱ ተከታይ ነው። የአሜሪካኖቹ የስንዴ ቢራ ሙዝ ምናምን የለውም፣ ቀለል ያለ ነው፣ ካገኘህ ጠጣው ካላገኘህ አትፈልገው።

ቀጥሎ ፔል ኤል፣ እዚህ ጋ ምሬት ይመጣል። ፔል ማለት ፈዛዛ ነው ግን እንደ ላገር እንዳትጠብቅ፣ ድሮ እንግሊዝ ውስጥ ቢራው ሁሉ ቡናማ በነበረ ጊዜ ከነዚያ አንጻር ነው ፈዛዛ የተባለው፣ ቀለሙ ወደ ማር ይሄዳል። የእንግሊዙ ብስኩትና ካራሜል ያለበት ረጋ ያለ ነው፣ በርተን የምትባለው ከተማ በሱ የታወቀችው ውሃዋ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ የሆፕሱን ምሬት ጥርት አድርጎ ስለሚያወጣ ነው። የአሜሪካው ሌላ ፍጥረት ነው፣ ካስኬድ የሚባል ሆፕስ ግሬፕፍሩትና ጥድ የሚሸት አላቸው፣ ሴራ ኔቫዳ በ1980 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሱ የጠመቀው ፔል ኤል ነው መንገዱን የከፈተው። ምሬት የሚለካበት አይቢዩ የሚባል ቁጥር አለ፣ የተለመደው ቀላል ላገር ከ8 እስከ 20 ውስጥ ነው፣ የአሜሪካ ፔል ኤል ከ30 እስከ 50። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉንጭ ፊትህን ያጨማድደዋል፣ የተለመደ ነው፣ አፍህ እስኪለምደው ሦስት ጉንጭ ስጠው፣ ሦስተኛው ላይ ከምሬቱ ስር ያለው ፍሬ ፍሬ የሚለው ነገር ይመጣል። ካልመጣ በቃ ያንተ አይደለም፣ አልከራከርህም።

ጠርሙሱ ላይ የታሸገበትን ቀን እይ፣ የሆፕስ ሽታ ቶሎ ነው የሚሞተው፣ ወራት መደርደሪያ ላይ የከረመ ፔል ኤል ጠጥተህ ስሙን አታጥፋ። ብርሃን የነካው ቢራ መጥፎ ሽታ ያመጣል፣ ቡናማ ጠርሙስ ከአረንጓዴውና ከነጩ የተሻለ ይከላከላል። አይፒኤ የሚባለውን፣ ሆፕሱ የበዛበትን የፔል ኤል ዓይነት፣ ደግሞ ለጊዜው እለፈው። እኔን "ክራፍት ቢራ ቅመስ" ብለው መጀመሪያ የሰጡኝ ደብል አይፒኤ ነበር፣ 8 በመቶ ነገር፣ እንደ ኮሶ አንገሸገሸኝና ሰው ሳያየኝ አበባ ማሰሮ ውስጥ ደፋሁት፣ ከዛ ወደ ላገር ተመልሼ ሁለት ዓመት ሌላ ቢራ በአፌ አልዞረም። አንተም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ፖርተር። የለንደን ልጅ ነው፣ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተነሳ፣ ስሙን ያገኘው ከሚወዱት ተሸካሚዎች ነው፣ ፖርተር ማለት ኩሊ ነው። የቸኮሌት፣ የካራሜል፣ የተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት ዓይነት ጣዕም አለው፣ ለስላሳ ነው፣ ከጥቁሮቹ መጀመሪያ ልትቀምሰው የሚገባህም እሱን ነው። በዘመኑ ጠማቂዎቹ ማን ትልቅ ጋን ሠራ እያሉ ይፎካከሩ ነበር፣ በጥቅምት 1814 ለንደን ውስጥ አንዱ የፖርተር ጋን ፈንድቶ ጎርፉ ቤቶች አፍርሶ ስምንት ሰው ገድሏል። በ1817 ዳንኤል ዊለር የሚባል ሰው ብቅል ሳያነድ ጥቁር አድርጎ የሚቆላ ማሽን አስመዘገበ፣ ከዛ በኋላ ነው ጠማቂዎች አብዛኛውን ነጣ ያለ ብቅል አድርገው በትንሽ ጥቁር ብቻ ማጥቆር የቻሉት። አስቂኙ ነገር ያልኩህ ደግሞ ባልቲክ ፖርተር ነው፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ አልኮሉ ከፍ ያለ፣ ግን አብዛኛው በላገር እርሾ በብርድ ነው የሚጠመቀው። የአክስትህ ልጅ እንደማለት ነው።

ስታውት ደግሞ ከፖርተር ነው የወጣው። ስታውት ማለት ጠንካራ ነው፣ "ስታውት ፖርተር" ይባል ነበር፣ በኋላ ፖርተር የሚለው ተቆርጦ ቀረ። ዛሬ ሁለቱን ለይ ብትለኝ ስታውት ውስጥ ብቅል ያልሆነ በቀጥታ የተቆላ ገብስ ስለሚገባ ቡና ቡና ይላል፣ ፖርተር ቸኮሌት ቸኮሌት፣ ግን ድንበሩ የተምታታ ነው፣ አንዱ ጠማቂ ፖርተር ያለውን ሌላው ስታውት ይለዋል፣ አትጨነቅበት። የአየርላንዱ ደረቅ ስታውት፣ ማለትም ያ የሳቅክበት፣ ክሬም የመሰለ አረፋ ያለው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ሳይሆን በናይትሮጅንም ስለሚቀዳ ነው፣ አረፋዎቹ በጣም ደቃቅ ናቸው። ሲቀዳ ወደ ታች የሚወርዱ ይመስላሉ፣ ደግሞ እውነት ነው ብርጭቆው ዳር ያሉት ይወርዳሉ፣ መሃል ያሉት ሲወጡ ቢራውን ስለሚያዞሩት ዳር ያለው ይዟቸው ይወርዳል። እስኪረጋ ሳትነካው ጠብቅ።

ሚልክ ስታውት ጣፈጥ ይላል፣ የወተት ስኳር ይጨመርበታል፣ የቢራ እርሾ ያንን ስኳር መብላት ስለማይችል እዛው ይቀራል። ወተት ሆድህን የሚነፋህ ከሆነ እሱን ተወው። የአጃው ስታውት አፍ ላይ ሐር ነው፣ የኔ ምርጫ እሱ ነው። ኢምፔሪያል ስታውት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከ8 እስከ 12 በመቶ፣ ከእንግሊዝ ወደ ሩሲያ ቤተ መንግሥት ይላክ ስለነበር ነው ኢምፔሪያል የተባለው፣ በትንሽ ብርጭቆ ለሁለት ተካፍለን ቀስ እያልን ነው የምንጠጣው፣ ከዛ በኋላ መኪና የለም።

ቅዳሜ ስንገናኝ እንዲህ እናድርግ፣ ሄፈቫይሰን አንድ ለሁለት፣ ከዛ ፖርተር አንድ ለሁለት፣ ፔል ኤሉ ለሌላ ቀን ይቆይ በአንድ ምሽት ምላስህን አንጨርሰው። ያልጣመህን እኔ እጨርሳለሁ። "ዘይት" ካልክ ግን ሂሳቡ ያንተ ነው።