ባለፈው ሳምንት የቤታችሁን ቆሻሻ ማን ወሰደው?

ጎረቤቶቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንዱ ከታች ያለውን ምርጫ መንካት ብቻ ነው። ሌላው በአንድ መስመር የሚጻፍ ነው። ሁለቱም የሚዘጉት እሁድ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። ማክሰኞ ዕለት ያ ኃይለኛ ዝናብ ካባራ በኋላ ሱቁ ጋ ያለችውን ትንሿን መሻገሪያ ልሻገር ስል ውሃው መንገዱ ላይ ተኝቷል። ከታቦር የሚወርደው ጎርፍ መሄጃ አጥቷል። ሁለት ወጣቶች በእንጨት ትቦውን ሲጎረጉሩ ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ አንድ ማዳበሪያ ወጣ። ከዚያ ፌስታል በፌስታል ላይ፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ዳይፐር፣ አንድ የልጅ ጫማ። ማዳበሪያው ሲነሳ ውሃው ጎርፎ ሄደ። ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደ ሐይቁ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባ ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል። አሞራ ገደል ሄደን ለልጆቻችን የምንገዛው ዓሣ የሚወጣው ከዚያው ነው።

ሰው ላይ ጣት ልቀስር አይደለም የመጣሁት። ጋሪ የሚገፉት ልጆች ማክሰኞና አርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይመጣሉ። በዚያ ሰዓት ስንቶቻችን ቤት አለን? ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺፍት የሚሠራ አለ፣ ቢሮ የሚገባ አለ፣ ሱቅ የሚከፍት አለ። ልጆቹ አንኳኩተው መልስ ሲያጡ ያልፋሉ። እኔ የምጠረጥረው ችግሩ እዚህ ጋ ነው፣ ሰዓቱ ላይ። ግን ጥርጣሬ ይዤ ሰው ማነጋገር አልፈልግም።

እኔ ልጀምር። ባለፈው አርብ ማዳበሪያውን በር ላይ አስቀምጬ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ውሻ ዘርግፎት፣ ጎረቤቴ ጠርጋ ሰብስባ ጠበቀችኝ። ትልቅ ሴት ናት፣ ወገቧን ያማታል። በጣም አፈርኩ። ስለዚህ የእኔ መልስ «ሐ» ነው።

ጥያቄ 1፦ ባለፈው ሳምንት የቤታችሁ ቆሻሻ የት ሄደ?

ሀ. ለጋሪዎቹ ልጆች በእጅ ሰጠን
ለ. ሲመጡ ስላልነበርን እስካሁን ግቢ ውስጥ አለ
ሐ. በር ላይ ትተን ወጣን
መ. ግቢ ውስጥ አቃጠልነው
ሠ. ቦይ ውስጥ ወይም ባዶ ቦታ ተጣለ

ምርጫው ስም አያሳይም። ለእኔም አይታየኝም። «ሠ» የሆነ ሰው በነፃነት ይንካ፤ እውነቱን ካላወቅን የምናስተካክለው ነገር የለም። ደግሞ አደራ፣ ቆሻሻውን የምታወጣው ሠራተኛችሁ ወይም ልጃችሁ ከሆነች፣ እሷን ጠይቃችሁ መልሱ። የት እንደሚደርስ የምታውቀው እሷ ናት።

ጥያቄ 2፦ ቤታችሁ በር የሚከፍት ሰው የሚገኘው በየትኛው ቀንና ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ይሄንን እዚሁ ስር ጻፉልኝ። ለምሳሌ የእኔ «ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት፣ በሥራ ቀን ከማታ 12 ሰዓት በኋላ» ነው። ይህን ያህል ይበቃል። ተከራዮችም ጻፉ፤ አከራያችሁ ስለመለሰ እናንተ አትቅሩ፣ ሰዓታችሁ ይለያያል። በሲዳሙ አፎም ጻፉ፣ የሚያነብልን አለ። መጻፍ የማይመቻችሁ እናቶችና አባቶች ድምፅ ላኩ። ወይም ከሱቁ ቀጥሎ ያለውን አረንጓዴ በር አንኳኩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ላይክ ብቻ አድርጋችሁ አትለፉ፤ ከላይክ ሰዓት አይገኝም።

የወር ክፍያው ይጨመር ይቀነስ የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። እሱ ከተነሳ ይሄኛው ይጠፋል።

መልሳችሁን ምን አደርገዋለሁ? ሰኞ ማታ ቁጥሩን እንዳለ እዚህ አስቀምጣለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን ከሚያስተባብረው ሰው ጋር ቀጠሮ አለኝ። «ብዙ ቤት የሚገኝበትን ሰዓት አምጪልኝ እንጂ ከሁለቱ ቀን አንዱን እቀይራለሁ» ብሎኛል። አብሮኝ የሚሄድ አንድ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ከላይኛው መንገድ፣ እኔ የዚያን ሰፈር ሁኔታ በደንብ አላውቀውም። የምትችሉ «እኔ እሄዳለሁ» ብላችሁ ጻፉ።