የሥራ ኢሜይልን በግል ስልክ ስለማንበብ፦ የጅማ ቅርንጫፍ የደህንነት መመሪያ

ይህ መመሪያ ከጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በቡና ላኪ ድርጅታችን የጅማ ቅርንጫፍ ሠራተኞች ሁሉ ላይ ይሠራል፤ ቋሚ፣ ኮንትራት ወይም ተለማማጅ ብሎ አይለይም። የሥራ ኢሜይልን በግል ስልክ ማንበብ ግዴታ አይደለም። የፈለገ ግን የሚከተለውን ያሟላል።

ስልኩ። ቢያንስ ባለ 6 አሃዝ የሚስጥር ቁጥር ይኑረው። ፓተርን አንቀበልም፤ ባጃጅ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው በአንድ እይታ ይይዘዋል። ስክሪኑ በ1 ደቂቃ ውስጥ ራሱን ይቆልፍ፤ ተቆልፎ ሳለም የመልእክት ይዘት አያሳይ። አፕዴት ሲመጣ አታሳድሩት፤ ዳታ ከከበዳችሁ በቢሮው ዋይፋይ አውርዱ። አፕዴት መቀበል ያቆመ አሮጌ ስልክ ላይ የሥራ ኢሜይል አይከፈትም።

የኢሜይል አፑ። ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ይጫናል። በቴሌግራም የመጣ ኤፒኬ ክልክል ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይብራ። ለማረጋገጫ የሚመጣላችሁን ኮድ ለማንም አትንገሩ፤ የአይቲ ክፍል ነኝ ለሚል ደዋይም ቢሆን። እኛ ኮድ አንጠይቅም።

የባንክ ሒሳብ ተቀየረ የሚል መልእክት። ከሁሉም የሚያሳስበን ይህ ነው። አጭበርባሪ የአቅራቢን ወይም የደንበኛን ስም ይዞ "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሒሳብ አስገቡልን" ብሎ ይጽፋል። ስልክ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው የላኪው ስም ብቻ ነው። ስሙን ነክታችሁ ሙሉ አድራሻውን አንብቡ፤ አንዲት ፊደል ተቀይራ ይሆናል። አድራሻው ልክ ቢሆንም አትመኑ፤ የሰውየው ኢሜይል ራሱ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክፍያን የሚመለከት መልእክት በስልክ ይነበባል እንጂ በስልክ አይጸድቅም። ቢሮ ገብታችሁ፣ ውሉ ላይ ባለው ቁጥር ደውላችሁ፣ ከሒሳብ ክፍል ጋር ታረጋግጣላችሁ። ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር አትደውሉ። ሥራ አስኪያጁ "አሁኑኑ ክፈሉ" ብለው ቢጽፉም ያው ነው፤ ደውሎ በማጣራቱ የሚወቀስ ሰው የለም።

ሰነዶች። ውል፣ የዋጋ ዝርዝርና የቅምሻ ውጤት ወደ ግል ጂሜይል ወይም ቴሌግራም አይላክም። ስክሪንሾትም ያው መላክ ነው።

ጥገናና ሽያጭ። ስልካችሁን ለጥገና ስትሰጡ ወይም ስትሸጡ አስቀድማችሁ የሥራ አካውንቱን አውጡ። መርካቶ ያሉ ሠሪዎች ስልኩን ለመሞከር የሚስጥር ቁጥሩን ቢጠይቁ አይገርምም፤ ክፋት ላይኖራቸው ይችላል፣ ኢሜይላችን ግን ክፍት ሆኖ ይውላል። ልጆች ጌም የሚጫወቱበት ስልክም ቢሆን ኢሜይሉ ለብቻው ይቆለፍ።

ሲጠፋ። ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ለአይቲ ኃላፊው ደውሉ፤ ይንጋ አይባልም። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ በ994 ደውላችሁ አስዘጉት። ስልክ የጠፋበት አይቀጣም፤ መጥፋቱን የደበቀ ግን ይጠየቃል።

ብዙዎቻችሁ "የግል ነገራችንን ታያላችሁ ወይ?" ብላችሁ ለጠየቃችሁት፦ ከርቀት የምናጠፋው የሥራ አካውንቱን ብቻ ነው። ፎቶአችሁን፣ ቴሌግራማችሁንና ቴሌብራችሁን አናይም፣ አንነካም። ሥራ የሚለቅ ሰው በመጨረሻው ቀን አካውንቱን አይቲ ክፍል ፊት ያወጣል፤ ክሊራንስ የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።