ለክፍል ኃላፊ መምህርት፦ ስለ ልጄ ናሆም ሕመምና ከትምህርት ስለሚቀርባቸው ቀናት

አዲስ አበባ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርት አስቴር
የ3ኛ ክፍል «ለ» ኃላፊ መምህርት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ልጄ ናሆም በዚህ ዓመት ደጋግሞ ከክፍል መቅረቱን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የሐኪም ፈቃዱን በየጊዜው ለትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስገብቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የሕመሙ ስምና የዕረፍቱ ቀናት ብቻ ስለሆኑ፣ አንድ ሳምንት በደህና ሲጫወት የታየ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ለምን እንደሚቀር ከወረቀቱ መረዳት አይቻልም። ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር የሚውሉት እርስዎ በመሆንዎ ነገሩን በዝርዝር ማወቅ ይገባዎታል ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

ናሆም ያለበት ሕመም ኔፍሮቲክ ሲንድሮም የሚባል የኩላሊት ሕመም ሲሆን የጀመረው በአራት ዓመቱ ነው። ጤናማ ኩላሊት ደምን ሲያጣራ ቆሻሻውን በሽንት አስወግዶ ፕሮቲኑን ለሰውነት ያስቀራል። የናሆም ሕመም ሲነሳ ግን ማጣሪያው ዓይኑ እንደ ሰፋ ወንፊት ይሆንና በደም ውስጥ መቆየት የነበረበት አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በብዛት ከሽንት ጋር ይወጣል። ፕሮቲኑ ከደም ሲጎድል ፈሳሹ ከደም ሥር እየወጣ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋት የዓይኑ ቆብ አብጦ የሚነሳው፣ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ እብጠቱ ወደ እግሩና ወደ ሆዱ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመሙ ከልጅ ወደ ልጅ ፈጽሞ አይተላለፍም፤ አጠገቡ የሚቀመጡ ልጆች ወላጆች ቢጠይቁዎት ይህንኑ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

በዚህ ሕመም የሚያስቸግረው ነገር እየዳነ ማገርሸቱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያገረሽበት ጉንፋን ከያዘው በኋላ ሲሆን፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ግልጽ ምክንያት ይነሳል። ጠዋት ጠዋት ሽንቱን ቤት ውስጥ በመመርመሪያ ወረቀት እናያለን፤ ወረቀቱ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ሦስት ፕላስ ፕሮቲን ካሳየ አገርሽቷል ማለት ስለሆነ ወዲያው ወደ ሐኪሙ እንወስደዋለን። ከዚያም ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት በከፍተኛ መጠን በየቀኑ ይጀምራል፤ ሽንቱ ለሦስት ቀናት በተከታታይ ከፕሮቲን ነጻ ሲሆን መድኃኒቱ አንድ ቀን እየተዘለለ ለሳምንታት ይቀጥላል። መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረና በጥቅምት መጨረሻ የቀረው በዚህ ምክንያት ነበር። ሆዱ ሲያብጥ ተቀምጦ መማር ይከብደዋል፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ ምግብም አይስማማውም። እብጠቱ ከጎደለ በኋላም ቢሆን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ጥቂት ቀን የምናቆየው፣ የፕሮቲኑ መጉደልም መድኃኒቱም የሰውነቱን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክሙት ነው።

መምህርት፣ በጣም እንዲገባዎት የምፈልገው መድኃኒቱ በክፍል ውስጥ የሚያመጣበትን ለውጥ ነው፤ ልጁ ከሕመሙ ይልቅ በዚህ የተነሳ ሲያዝን አያለሁ። ፕሬድኒሶሎን በሚወስድባቸው ሳምንታት ፊቱ ክብ ሆኖ ይሞላል፣ ሆዱ ይገፋል፣ ረሃቡም አያባራም። ሌሊት እንቅልፍ ስለሚያጣ ቀን ይነጫነጫል፤ በትንሽ ነገር ያለቅሳል ወይም ይቆጣል። ያን ጊዜ ሥነ ሥርዓት የጎደለው ልጅ እንዳይመስልዎት እለምንዎታለሁ፤ መጠኑ ሲቀንስ ወደ ራሱ ጠባይ ይመለሳል። በቅርቡ አንዳንድ ልጆች ስለ ፊቱ የሰጡትን ስም ነግሮኝ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ አልቅሷል። ልጆቹ ክፉ ናቸው አልልም፤ የማያውቁትን ነው የተናገሩት። እርስዎ ግን በፈቀዱት መንገድ፣ እሱን ከፊት ሳያቆሙ፣ አንድ ልጅ በመድኃኒት ምክንያት መልኩ ሊለወጥ እንደሚችል ቢያስረዱልኝ ቃልዎን ከእኔ ቃል ይበልጥ ይሰማሉ።

ሲያብጥ ፈሳሽ የሚያስወጣ መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ስለሚሰጠው በትምህርት መካከል ሽንት ቤት ደጋግሞ እንዲሄድ ይፈቀድለት። በእነዚያ ቀናት ጨው የተቀነሰ ምሳ ስለምቋጥርለት ከጓደኞቹ ጋር ቺፕስና የመሳሰለውን እንዳይካፈል ቢያስታውሱት እጅግ ያግዘኛል። ደህና በሆነባቸው ሳምንታት ግን ከሩጫም ከኳስም አይከልከል፤ ሐኪሙ እንዲጫወት ፈቅዷል፣ እኔም እንደ ሌሎቹ ልጆች እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ሁለት ነገሮች ግን ጊዜ አይሰጡም። ናሆም ክፍል ውስጥ ትኩሳት ከያዘው፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው ወይም አንድ እግሩ ብቻ አብጦ ካመመው፣ እስከ ትምህርት ማብቂያ ሳይጠበቅ ይደወልልኝ፤ ይህ ሕመም ያለበት ልጅ በሆድ ውስጥ ለሚፈጠር ኢንፌክሽንና ለደም መርጋት የተጋለጠ ስለሆነ በዚያው ሰዓት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሌላው በክፍሉ ውስጥ ጉድፍ ወይም ኩፍኝ የያዘው ልጅ እንዳለ ከተሰማ በዚያኑ ዕለት ያሳውቁኝ። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ልጅ እነዚህ በሽታዎች ከሌላው ልጅ በላይ ስለሚጎዱት፣ ሐኪሙ ቶሎ ከሰማ አስቀድሞ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር አለ። የሚያስል ልጅ ሲኖርም ናሆም ራቅ ብሎ መስኮት አጠገብ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። የእኔና የአባቱ ስልክ በተማሪ ማኅደሩ ላይ አለ፤ እኔ ካላነሳሁ አባቱ ያነሳል። ክፍል ውስጥ የሚሰጠው መድኃኒት የለም፤ ፕሬድኒሶሎኑን ጠዋት ቁርስ በልቶ ቤት ይወስዳል፤ በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ስለሆነ እኛው እንቆጣጠረዋለን።

ስለ ትምህርቱ የምጠይቀው፣ በቀረባቸው ቀናት የሰሌዳውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ቢልኩልኝ ወይም ደብተሩን ለአንድ ታማኝ ተማሪ ሰጥተው ቢያስጽፉልኝ ነው፤ ማታ ማታ አብረን እንሠራዋለን። ያመለጡት የተከታታይ ምዘና ውጤቶች ዜሮ ከሚሆኑ ሲመለስ በሌላ ቀን እንዲፈተን፣ የመንፈቀ ዓመት ፈተናውም ካገረሸበት ጊዜ ጋር ከገጠመ እንዲተላለፍለት በትሕትና እጠይቃለሁ። በሒሳብ ማካፈልን በጀመራችሁበት ሳምንት ስላልነበረ እስካሁን ግራ ይጋባል፤ ከክፍል በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቢያስረዱት ብዙ ይጠቅመዋል። ሐኪሙ እንደነገረን ለመድኃኒቱ የሚታዘዝ ሕመም ያለባቸው አብዛኞቹ ልጆች ወደ ጉርምስና ሲደርሱ ማገርሸቱ እየራቀ ይተዋቸዋል፣ ኩላሊታቸውም ሳይጎዳ ይቀራል። የናሆም ሕመም ለመድኃኒቱ ይታዘዛል፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ እንዳይቀር ነው የምጨነቀው።

አርብ ጠዋት ልጁን ሳደርስ የሐኪሙን የቅርብ ጊዜ ማስረጃ ይዤ እመጣለሁ፤ ጊዜ ካለዎት ጥቂት ብንነጋገር ደስ ይለኛል። እስካሁን ስላደረጉለት እንክብካቤ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ወ/ሮ ሰናይት ታደሰ
የናሆም ሰሎሞን እናት